አትክልት በእንፋሎት ሲበስል ስንት ደቂቃ ይበቃዋል?

ብሮኮሊ እንፋሎት እንደነካው መጀመሪያ ይደምቃል። በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ከገበያ ሲመጣ ከነበረው የበለጠ አረንጓዴ ይሆናል። በሕዋሶቹ መካከል ታስሮ የነበረው አየር ቀለሙን አፍዝዞት ነበር፤ ሙቀቱ አየሩን ሲያስወጣው ከስር ያለው አረንጓዴ ፍንትው ብሎ ይታያል። ድስቱ እንደተከደነ ሩብ ሰዓት ቢቆይ ግን ያው ብሮኮሊ ደብዝዞና ወደ ቡኒ አድልቶ ይወጣል፤ ግንዱም ሹካ ሲነካው ይፈርሳል። ማንም ምንም አልጨመረበትም። ቀለሙን ያጠፋው ከራሱ ከብሮኮሊው የወጣ አሲድ ነው።

ለቅጠል አረንጓዴነቱን የሚሰጠው ክሎሮፊል ሲሆን፣ በመሃሉ አንድ ማግኒዚየም ይዟል። ጥሬ አትክልት ውስጥ ክሎሮፊሉና አሲዱ በየክፍላቸው ተለያይተው ይኖራሉ። ሙቀት ሕዋሱን ሲያፈርሰው ይገናኛሉ፤ አሲዱ ማግኒዚየሙን ከቦታው ያስለቅቀዋል። ማግኒዚየሙን ያጣ ክሎሮፊል አረንጓዴነቱ ይደበዝዛል፤ አንዴ ከደበዘዘ በኋላም ቀዝቃዛ ውሃ ቢያፈሱበት አይመለስም። ይህ ለውጥ ጊዜ ይፈልጋል። ዓይን ላይ ጎልቶ መታየት የሚጀምረው ከአምስትና ከሰባት ደቂቃ ወዲያ ነው። ስለዚህ አረንጓዴ አትክልት በእንፋሎት ሲበስል ሥራው ሁሉ ከዚያ በፊት ማለቅ አለበት።

ሲነክሱት ኩርሽም የማለቱ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ሕዋስን ከሕዋስ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው፤ በግንብ ውስጥ ጡብን ከጡብ እንደሚይዘው ሲሚንቶ ማለት ነው። የፈላ ውሃ ወይም እንፋሎት ፔክቲኑን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ጥቂት ሲሟሟ አትክልቱ ጥሬነቱ ይለቀዋል፤ ብዙ ሲሟሟ ይላሽቃል። የማብሰያው ሰዓት የሚፈለገው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

ካሮት ላይ የቀለም ስጋት የለም ማለት ይቻላል። ብርቱካንማ ቀለሙ ሙቀትን ይቋቋማል፣ በውሃም አይሟሟም። ካሮት በዘይት ሲቁላላ ዘይቱ ቀለም እንደሚይዝ፣ በውሃ ሲቀቀል ግን ውሃው እምብዛም እንደማይቀላ ማንም ያበሰለ ሰው አይቶታል። ካሮት ላይ የሚጠበቀው ጥንካሬው ብቻ ነው።

እንፋሎት ከቅቅል የሚሻለው በሙቀቱ አይደለም። ክፍት ወይም ልል ክዳን ባለው ድስት ውስጥ ያለው እንፋሎት ከስሩ ከሚፈላው ውሃ እኩል ነው የሚሞቀው። ልዩነቱ አትክልቱ ውሃ ውስጥ አለመዘፈቁ ነው። ቫይታሚን ሲ በውሃ ይሟሟል፤ የጣዕሙም ግማሽ እንዲሁ። ሲቀቀል ሁለቱም ወደ ውሃው ይሄዳሉ፣ ውሃው ደግሞ ይደፋል። በእንፋሎት ሲበስል አብዛኛው እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደ ደቂቃው እንምጣ። በኢንተርኔትና በውጭ አገር የምግብ መጻሕፍት የሚገኙት ሰዓቶች በባሕር ጠለል አካባቢ ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፉ ናቸው። እዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ከፍታ በየ300 ሜትሩ ሲጨምር የመፍያው ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ይወርዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ባሕር ዳር 94 አካባቢ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 91 አካባቢ ይሆናል። እሳቱን ቢጨምሩ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ ሲቀቀሉ የሚያንገላቱትም ለዚሁ ነው። ስለዚህ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያለች እህት በስልክ «አራት ደቂቃ በቂ ነው» ብትል ልክ ናት፤ አዲስ አበባ ላለችው ግን ስድስት ሊያስፈልጋት ይችላል።

ዕቃው ቀላል ነው። ልዩ የእንፋሎት ድስት ከሌለ ጥልቅ ድስት ላይ ልክክ ብሎ የሚቀመጥ የብረት ማጥለያ ይበቃል። ድስቱ ውስጥ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ይደረጋል፤ ውሃው ሲፈላ ማጥለያውን መንካት የለበትም፣ ከነካው ቅቅል ሆነ ማለት ነው። አትክልቱ የሚገባው ውሃው ተንተክትኮ እንፋሎቱ በክዳኑ ጠርዝ ሲወጣ ነው። ቀዝቃዛው ውሃ ላይ አስቀምጦ መለኮስ በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ አትክልቱ ለብ ባለ ሙቀት ውስጥ ደቂቃዎች ያባክናል፣ ሰዓቱንም ከየት ጀምሮ መቁጠር እንደሚገባ አይታወቅም። ማጥለያውን እስከ አፉ መሙላትም አይበጅም። እንፋሎቱ የታችኛውን አላሽቆ የላይኛውን ጥሬ ይተወዋል።

ብሮኮሊው ከአበባው ጫፍ እስከ ግንዱ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ሲቆራረጥ፣ በባሕር ጠለል አካባቢ ከአራት እስከ አምስት፣ አዲስ አበባ ላይ ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ደቂቃ ይወስዳል። ወፍራሙ ግንድ አይጣል፤ ልጣጩ ተልጦ በስሱ ከተከተፈ ከአበባው እኩል ይበስላል፣ እንዲያውም ጣፋጩ እሱ ነው። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ክብ የተከተፈ ካሮት በባሕር ጠለል አካባቢ ስድስት፣ አዲስ አበባ ላይ ስምንትና ዘጠኝ ደቂቃ ያስፈልገዋል። ካሮት ላይ ሰዓቱን የሚወስነው ውፍረቱ ነው። አንዱ ቁራጭ ወፍራም ሌላው ስስ ከሆነ የትኛውም ደቂቃ ሁለቱን አያስማማም።

ቅጠል ላይ ግን አንድ ሰዓት ለሁሉም አይሠራም። ስፒናች ተኝቶ እንዳለቀ፣ ማለትም በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ፣ መውጣት አለበት፤ ደጋም ቆላም ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቆስጣ ሁለት አትክልት እንደሆነ ይቆጠር። ነጩ ወፍራም ግንድ ተለይቶ ተከትፎ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ይገባል፣ ቅጠሉ ከዚያ በኋላ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። የሐበሻ ጎመን ለጋው በጣት ውፍረት ከተከተፈ አዲስ አበባ ላይ ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ ይበስላል፣ አረንጓዴነቱንም በአመዛኙ ይዞ ይወጣል። ያረጀና ጠንካራ ጎመን ግን በእንፋሎት አይሞከር። ቅጠሉ እስኪለሰልስ ቀለሙ ቀድሞ ይሄዳል። እሱ ተቀቅሎ በዘይትና በሽንኩርት መቁላላት ያለበት ጎመን ነው፤ ጠቆር ማለቱም ያምርበታል።

ሦስቱን በአንድ ድስት ለማብሰል የሚደረገው ከመጨረሻው ደቂቃ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ለምሳሌ አዲስ አበባ ውስጥ ለአራት ሰው የጾም ምሳ ሁለት ካሮት፣ አንድ መካከለኛ ብሮኮሊና አንድ እስር ቆስጣ ቀርቧል እንበል። ካሮት ዘጠኝ፣ ብሮኮሊ ስድስት፣ የቆስጣው ግንድ አራት፣ ቅጠሉ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ካሮቱ መጀመሪያ ይገባል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ብሮኮሊው፣ አምስተኛው ላይ የቆስጣው ግንድ፣ ሰባተኛው ላይ ቅጠሉ ይጨመራል። ዘጠነኛው ላይ ሁሉም ይወጣል። ክዳኑ በተነሳ ቁጥር ሙቀት ስለሚያመልጥ በድምሩ ግማሽ ወይም አንድ ደቂቃ መጨመር ያስፈልግ ይሆናል። መክፈቱ ግን ጥቅምም አለው፤ ከአትክልቱ የሚተነው አሲድ ከእንፋሎቱ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ክዳኑ ላይ ተንጠባጥቦም ተመልሶ አረንጓዴው ላይ አይወርድም።

መድረሱን የሚናገረው ሰዓቱ ሳይሆን ቢላው ነው። የትንሽ ቢላ ጫፍ የብሮኮሊው ግንድ ወይም ካሮቱ መሃል ላይ ሲወጋ በቀላሉ ገብቶ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ያዝ ካደረገው ደርሷል። ምንም ሳይዘው ካለፈ አልፎበታል። እንዲያውም ገና ትንሽ ሲቀረው ማውጣት ይሻላል፣ ምክንያቱም አትክልቱ ከድስቱ ከወጣ በኋላም በያዘው ሙቀት መብሰሉን አያቆምም። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ከተከመረ እዚያው ይላሽቃል። ሰፊ ትሪ ላይ ቢዘረጋ ቶሎ ይበርዳል። ለሰላጣ ከሆነ በረዶ የገባበት ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ነክሮ ማንጠፍጠፍ ጥሩ ነው፤ በትኩሱ ለሚበላ ግን ውሃ ማቋጠር ነው ትርፉ።

አረንጓዴው እንዳይጠፋ ብለው ሶዳ የሚጨምሩ አሉ። ቀለሙ በእርግጥ አይጠፋም፤ ሶዳ አሲዱን ያመክነዋል። ነገር ግን የሕዋሱንም ግድግዳ ያፈርሰዋልና የሚወጣው የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ገንፎ ነው። ቫይታሚን ሲንም ይጎዳል። አልመክረውም።

የሶዳ ተቃራኒው ሎሚ ነው። ትኩስ ብሮኮሊ ላይ ሎሚ ወይም አቼቶ አፍስሶ ማቆየት፣ ስንሸሸው የነበረውን አሲድ በእጅ መጨመር ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያደበዝዘዋል። ጨውና ዘይቱ ወዲያው እንደወጣ ቢደረግ ችግር የለውም። እንዲያውም ዘይት የካሮቱን ቀለም፣ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን፣ በደንብ እንዲወሰድ ያግዛል። ሎሚው ግን ማዕድ ላይ ቀርቦ እያንዳንዱ ሰው ሊጎርስ ሲል ይጭመቅበት።

የተረፈ ካለ ካሮቱን ማሞቅ ይቻላል። ብሮኮሊውንና ቆስጣውን ግን እንደገና ከድነው አያሙቋቸው፤ በማግስቱ እንደቀዘቀዙ በሰላጣ ይብሏቸው፣ ወይም በጋለ መጥበሻ ላይ ሳይከድኑ አንድ ደቂቃ ያገላብጧቸው።