«አይሆንም» ቢሉኝስ? ደመወዝ ከመጠየቅ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

ደመወዝ እንዲጨመርለት ወደ አለቃው ቢሮ የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገውን ቁጥር ብቻ ይዞ ይገባል። የኑሮ ውድነቱን፣ የቤት ኪራዩን፣ ያገለገለበትን ዘመን ይዘረዝራል። አሠሪው እያዳመጠ በልቡ የሚያሰላው ግን ሌላ ነው፦ ባልጨምርለት ይህ ሰው ምን ያደርጋል? መልሱን ጠያቂው ራሱ ካላወቀው፣ የሚሰጠው ጭማሪ ይበቃ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚመዝንበት ነገር የለውም።

ሮጀር ፊሸርና ዊሊያም ዩሪ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት «ጌቲንግ ቱ የስ» በተሰኘው የድርድር መጽሐፍ ለዚህ መልስ ስም አወጡለት። «ባትና» ብለው ጠሩት። ስምምነት ካልተገኘ ልናደርጋቸው ከምንችላቸው ነገሮች ሁሉ የሚሻለው ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች አጥብቀው ያስጠነቀቁት ስሕተት አለ፤ እኛም ዘንድ ሞልቷል። ሰው «ሌላ መሥሪያ ቤት እገባለሁ፣ ካልሆነ የራሴን እከፍታለሁ፣ ካልሆነም ውጭ አገር እሄዳለሁ» እያለ አማራጮቹን ደምሮ ይኮራባቸዋል። ድርድሩ በፈረሰ ማግሥት ግን አንዱን ብቻ ነው መያዝ የሚችለው፤ የሚመዘነውም ያ አንዱ ነው። በደብዳቤ ያልተረጋገጠ የሥራ ተስፋ ደግሞ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

በአዲስ አበባ በአንድ የግል ድርጅት የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያን ለምሳሌ እንውሰድ። ወሩ ሰኔ ነው። ያልተጣራ ደመወዟ 24,000 ብር ሲሆን 32,000 ልትጠይቅ አስባለች። በእጇ ሌላ ድርጅት በ30,000 ብር ሊቀጥራት የጻፈላት ደብዳቤ አለ። ስለዚህ «ከ30,000 በታች ከሰጡኝ እለቃለሁ» ብላ ወስናለች። ውሳኔው ትክክል ይመስላል፤ ግን አልተሰላም።

መጀመሪያ ሁለቱም ደመወዝ ወደ እጅ ወደሚገባው ብር መለወጥ አለበት። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው የሥራ ግብር ሰንጠረዥ፣ በወር ከ14,000 ብር በላይ የሚያገኝ ሰው ግብር በ35 በመቶ ይሰላና 2,050 ብር ይቀነስለታል። ከደመወዙ 7 በመቶ ደግሞ ለጡረታ ይሄዳል። በዚህ ስሌት ከ24,000ው 15,970 ብር፣ ከ30,000ው 19,450 ብር እጇ ይገባል። በወረቀት ላይ 6,000 የነበረው ልዩነት 3,480 ሆነ ማለት ነው።

ቀጥሎ በደብዳቤ ላይ የማይጻፈው ይመጣል። አሁን ያለችበት ድርጅት ሰርቪስ አለው፤ አዲሱ የለውም። የታክሲው ደርሶ መልስ በቀን 80 ብር ቢሆን በ22 የሥራ ቀን 1,760 ብር ይወጣል። ልዩነቱ ወደ 1,720 ብር ወረደ። ምሳ፣ የሕክምና ሽፋን፣ በየዓመቱ የሚሰጥ ቦነስ ካለም በዚሁ መንገድ ይገባሉ፤ ለምሳሌያችን ግን ትራንስፖርቱ ይበቃል።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ። አሁን ባለችበት ድርጅት ያን 1,720 ብር በእጇ ለማግኘት ያልተጣራ ደመወዟ ስንት መሆን አለበት? ከእያንዳንዱ ተጨማሪ ብር 35 ሳንቲሙ ለግብር፣ 7 ሳንቲሙ ለጡረታ ስለሚሄድ የሚቀራት 58 ሳንቲም ነው። 1,720 ለ0.58 ሲካፈል ወደ 2,970 ብር ይመጣል። ስለዚህ ሌላ ቦታ የሚከፈላት 30,000 ብር፣ እዚህ ከሚከፈላት 27,000 ብር ጋር እኩል ነው። አለቃዋ 28,500 ቢላትና «ከ30,000 በታች አልቀበልም» ብላ ብትወጣ፣ ራሷን ጎድታ ነው የወጣችው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያቆማል። ትልቁ ነገር ግን ገና አልተነሳም። ይህች ባለሙያ በድርጅቱ አምስት ዓመት ልትሞላ አራት ወር ቀርቷታል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት፣ በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታሰባል። ለአምስት ዓመት የ70 ቀን ደመወዝ ይሆናል፤ በእሷ ደመወዝ ግብር ሳይቀነስ ወደ 56,000 ብር። ዛሬ ብትለቅ ይህ ይቀርባታል። በወር 1,720 ብር ብልጫ ያንን ለመተካት ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ መሥራት ይኖርባታል። ግብሩ ቢቀነስ እንኳ ኪሳራው ኪሳራ ነው።

ስለዚህ በሰኔ ያላት የተሻለ አማራጭ ወደ አዲሱ ድርጅት መሄድ አይደለም። በነበረው ደመወዝ አራት ወር ቆይቶ ሥራ መፈለጉን መቀጠል ነው። ይህ ትንሽ ያስከፋል፤ አቋሟ ካሰበችው ደካማ ነውና። ግን ማወቋ ይጠቅማታል። በሰኔ ብትጠይቅ ጥያቄዋን በሥራዋ ውጤት ላይ አድርጋ ትጠይቃለች እንጂ «እለቃለሁ» አትልም፤ የማይፈጽሙት ዛቻ አንዴ ከተነቃበት ለሚቀጥለውም ጊዜ አይሠራምና።

በጥቅምት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በእሷ በኩል ብቻም አይደለም። አሠሪውም የራሱ ባትና አለው፦ እሷ ብትሄድ ምን ያደርጋል? የሒሳብ መዝገብ የሚይዙ የንግድ ድርጅቶች በሰኔ 30 የተዘጋውን ዓመት የትርፍ ግብር እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ አለባቸው። ኦዲተር የሚጠይቀውን ሰነድ ከየፋይሉ ለይታ የምታወጣው እሷ ከሆነች፣ በዚያ ወር አዲስ ሰው ቀጥሮ ማለማመድ ለድርጅቱ ከባድ ነው። አምስት ዓመቷም በዚያው ጊዜ ይሞላል። በእርግጥ የሰኔው ደብዳቤ እስከ ጥቅምት ላይጠብቃት ይችላል። ስለዚህ በክረምቱ ሌላ ቦታ ማመልከት፣ ፈተና መቀመጥ፣ ሌላ ደብዳቤ ማግኘት የቤት ሥራዋ ይሆናል። አማራጭ የሚሻሻለው በዚህ እንጂ በንግግር ችሎታ አይደለም።

በቁጥር ለማስገባት የሚያስቸግር አንድ ነገር ይቀራል። አዲስ ተቀጣሪ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ሊኖረው ይችላል። በዚያ ጊዜ ለሥራው ብቁ አይደለም ከተባለ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ይሰናበታል። በእኔ እምነት የሦስት ወር ወጪ የሚሸፍን ቁጠባ የሌለው ሰው ይህንን አቅልሎ ማየት የለበትም። ልዩነቱ በወር 1,720 ብር ብቻ ከሆነ ለዚህ ሥጋት የሚበቃ ዋጋ አይመስለኝም። ልዩነቱ 6,000 ወይም 7,000 የተጣራ ብር ቢሆን ግን ሌላ ወሬ ነው።

የራስዎን ሲያሰሉ የቅጥር ውልዎን፣ የኅብረት ስምምነት ካለም እሱን ያውጡና የተቀጠሩበትን ቀን፣ የፈረሙት የሥልጠና ግዴታ መኖር አለመኖሩን ይዩ። የሌላው ድርጅት ደብዳቤ ላይ የተጻፈው ደመወዝ የተጣራ ይሁን ያልተጣራ በግልጽ ይጠይቁ፤ ሁለቱ ተምታተው ብዙ ሰው ተቆጭቷል። ለመልቀቅ ከወሰኑም በሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብዎት። የመልቀቂያ ደብዳቤውን የሚያስገቡት አዲሱ ውል ተፈርሞ አንዱ ቅጂ እጅዎ ከገባ በኋላ ይሁን።