አክሲዮኑ ርካሽ ነው ወይስ ይመስላል?

የአክሲዮን ዋጋ ብቻውን ውድነቱን አይነግረንም፤ ከትርፉ ጋር እናነጻጽረው። አንድ አክሲዮን በ2,000 ብር ይሸጣል፤ ኩባንያው በዓመቱ ለእያንዳንዱ አክሲዮን 250 ብር የተጣራ ትርፍ አግኝቷል እንበል። 2,000ን ለ250 ስናካፍል 8 ይመጣል። የዋጋና የትርፍ ሬሾ የሚባለው ይህ ነው፤ የዓመቱን ትርፍ 8 እጥፍ እንከፍላለን ማለት ነው። በዚያው ዘርፍ ያሉ ሌሎች ኩባንያዎች 12 ከሆኑ፣ ይህኛው ርካሽ ይመስላል።

ግን ትርፉ ከየት መጣ? የኦዲት ሪፖርቱን ስናነብ ከ250 ብሩ 150ው ከሕንፃ ሽያጭ የተገኘ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት አይደገምም። ከመደበኛ ሥራው የመጣው 100 ብር ብቻ ነው፤ ሬሾውም 20 ይሆናል። ርካሽ የመሰለን ውድ ሆነ። ስለዚህ ከማካፈላችን በፊት የአንድ ጊዜ ገቢን እንቀንስ።