ፎቅ ላይ የማይደርሰው ዋይፋይ፦ ከአንድ የኡራኤል ቤት የተማርነው

በዚህ እትም የምናነሳው ፎቅ ቤት ውስጥ የኖረ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ነው። ሳሎን ውስጥ እንደ ልብ የሚሠራው ኢንተርኔት መኝታ ቤት ሲደርስ ይጠፋል።

ኡራኤል አካባቢ ያለው የአጎቴ ቤት ጂ+2 ነው። የፋይበሩ ሞደም ታች ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጧል። የአጎቴ ልጅ ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፏን ለአማካሪዋ በቪዲዮ ስታቀርብ ሦስት ጊዜ ተቋረጠባትና ቀጠሮው ለሌላ ሳምንት ተላለፈ። ከዚያ በኋላ ላፕቶፗን ይዛ ሳሎን መውረድ ጀመረች፤ ሳሎን ደግሞ እንግዳም ቴሌቪዥንም አለ። አጎቴ «ፓኬጁን ከፍ እናስደርገዋ» አለኝ። «ጋሼ፣ ከመክፈልዎ በፊት እንለካው» አልኩት።

መጀመሪያ መለካት

ላፕቶፑን በኬብል ከሞደሙ ጋር አገናኝቼ ፍጥነቱን ስለካ 24 ሜጋ አገኘሁ። የተከፈለው ለ25 ነው፤ ስለዚህ መስመሩ ጤነኛ ነው። ፎቅ ላይ በዋይፋይ ስለካ ግን 1.5 ሜጋ ሆነ። ችግሩ ከውጭ የሚመጣው መስመር ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ያለው መንገድ ነው ማለት ነው። ፓኬጁ ቢጨመር ኖሮ የሚፈጥነው ሳሎኑ ብቻ ነበር።

ቀጥሎ የዋይፋይ ጉልበት የሚያሳይ ነጻ መተግበሪያ ስልኬ ላይ ጭኜ እየዞርኩ አነበብኩ። ሳሎን `-42 dBm`፣ አንደኛ ፎቅ `-68`፣ የልጅቷ ክፍል `-84`። ቁጥሩ ከዜሮ በራቀ መጠን ሲግናሉ እየደከመ ይሄዳል፤ በየ10ሩ ልዩነት ጉልበቱ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ከ42 ወደ 84 መውረድ ማለት ከ15 ሺህ ጊዜ በላይ መድከም ነው። የቪዲዮ ውይይት ሳይቆራረጥ እንዲሄድ `-67` አካባቢ ወይም ከዚያ የተሻለ ንባብ ቢኖር ጥሩ ነው።

ይህን ያህል የሚያደክመው ሶሌታው ነው። የብሎኬት ግድግዳ ሲግናሉን ይቀንሳል እንጂ አይዘጋም። ሶሌታው ግን ወፍራም ኮንክሪት ሲሆን ውስጡ ፌሮ እንደ መረብ ተዘርግቶበታል። እኛ ጋ ሁለት ሶሌታ በመሃል አለ። በተለይ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣኑ ሞገድ ኮንክሪት ለማለፍ ይቸገራል። 2.4 የሚባለው ይሻላል፤ ነገር ግን እንደ ኡራኤልና ካዛንቺስ ሆቴልና አፓርታማ በተጠጋጋበት ሰፈር የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ እዚያው ላይ ተጨናንቋል።

የመጀመሪያው ስህተታችን

አጎቴ ሶኬት ላይ የሚሰካ ርካሽ ማራዘሚያ ገዝቶ ነበር። የተሰካው ልጅቷ ክፍል ውስጥ ነው። ስልኳ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ሆነ፤ ኢንተርኔቱ ግን ያው ነው። ማራዘሚያ የሚያስተላልፈው የደረሰውን ብቻ ነው፤ `-84` ላይ ቆሞ የተቀበለውን የደከመ ነገር በጩኸት ይደግመዋል። ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ፍጥነት ከሌለ ይህን ጠርጥሩ።

ሜሽ የሚባለውም በገመድ ካልተያያዘ ከዚሁ ሕግ አያመልጥም። ሁለተኛው ጣቢያ የሚቀመጠው ኢንተርኔት የጠፋበት ክፍል ውስጥ ሳይሆን በመሃል፣ ንባቡ ገና ከ`-60` እስከ `-65` በሆነበት ቦታ ነው። ፎቅ ቤት ውስጥ ይህ ብዙውን ጊዜ የደረጃው መታጠፊያ ነው፤ ደረጃው ባለበት ሶሌታው ክፍት ነውና። ጣቢያዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩት ስልኮቹን በሚያገለግሉበት በዚያው ሞገድ ከሆነ ግን በየሸጋገሩ ቁጥር ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል።

ኬብሉን ማሳለፍ

ስለዚህ ኬብል መረጥን። አጎቴ «ሶሌታዬንማ አታስበሳኝም!» አለ። መንገዱን ያገኘነው ከዲሹ ነው። የዲሹ ገመድ ከጣሪያ በውጭው ግድግዳ ወርዶ ሳሎን ይገባል፤ እኛም የዚያኑ መንገድ ተከትለን 18 ሜትር ኬብል እስከ ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር አወጣን። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ስለሚሠራ ርዝመቱ ችግር አይደለም።

ስትገዙ ግን ሁለት ነገር ተመልከቱ። ውጭ የሚያልፈው ለውጭ የተሠራ፣ ጥቁር ልባስ ያለው ይሁን፤ የቤት ውስጡ ኬብል ፀሐይ ላይ ይሰነጣጠቃል። የውስጡን ሽቦ ደግሞ በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ ቶሎ ይሰበራል፣ ግንኙነቱም ይዋዥቃል። ኬብሉን ከመብራት ገመድ ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ አታስገቡት። ክረምት ላይ መብረቅ ሲበዛ ከሁለቱም ጫፍ መንቀል ይሻላል።

አሮጌውን ራውተር ማዘጋጀት

ፎቅ ላይ ያስቀመጥነው ቤት ውስጥ ሥራ ፈትቶ የነበረ አሮጌ ራውተር ነው። አንዳንዱ ራውተር `Access Point` የሚል ምርጫ አለው፤ ካለ እሱን መምረጥ ይበቃል። የእኛው ስላልነበረው በእጅ አስተካከልነው። ከሞደሙ ጋር ሳይገናኝ ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አያይዘን በዚህ ቅደም ተከተል ሄድን።

መጀመሪያ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ከታችኛው ጋር አንድ ዓይነት አደረግን፤ ስልኮች እንደ አንድ ኔትወርክ እንዲያዩት ነው። ቻናሉን ግን ለየን፤ ታች 1፣ ላይ 6። ቀጥሎ የራውተሩን አድራሻ ቀየርን። ሞደሙ `192.168.1.1` ስለሆነ ለራውተሩ `192.168.1.2` ሰጠነው። ሞደሙም ይህን አድራሻ ለሌላ ስልክ እንዳያድለው የእደላውን መነሻ ከ10 አስጀመርን። ራውተሩ ተነሥቶ ሲመለስ በአዲሱ አድራሻ ገብተን በመጨረሻ `DHCP` የሚለውን አጠፋን። ከዚያ ከሞደሙ የመጣውን ኬብል ሰካን፤ `WAN` በሚለው ቀዳዳ ሳይሆን `LAN` ከሚሉት በአንዱ።

እዚህ ላይ የሚሠራ ስህተት በምልክቱ ይታወቃል። `DHCP` ካልጠፋ ሁለቱም መሣሪያዎች አድራሻ ያድላሉ፤ አንዱ ስልክ ሲሠራ ሌላው «ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም» ይላል። ኬብሉ `WAN` ላይ ከተሰካ ደግሞ ኢንተርኔት ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን ፎቅ ላይ ያለ ስልክ ታች ያለውን ቴሌቪዥን ወይም ፕሪንተር አያገኘውም።

ውጤቱና የቀረው

አሁን የልጅቷ ክፍል ንባብ `-50`፣ ፍጥነቱም 23 ሜጋ ነው። አንደኛ ፎቅም ከላይ ስለሚደርሰው ተሻሽሏል። አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ስልክ ከሳሎን ወደ ፎቅ ሲወጣ የደከመውን የታችኛውን ሲግናል ይዞ ይቆያል፤ መቼ እንደሚለቅ የሚወስነው ስልኩ ራሱ ነውና። የሞደሙን የማሰራጫ ጉልበት ወደ መካከለኛ ስናወርደው ይህ ቀነሰ። ጥሩ ሜሽ በዚህ ረገድ ይሻላል፤ ስልኩ ቶሎ እንዲሸጋገር ይጠቁመዋል። ቤታችሁ ኬብል ማሳለፊያ ካለውና ገንዘቡም ካለ፣ ጣቢያዎቹን በኬብል አገናኝቶ ሜሽ ማድረግ ሁለቱንም ጥቅም ይሰጣል።

መብራት ሲጠፋም ሞደሙ ብቻ ባትሪ ቢኖረው ፎቁ ይጨልማል፤ ላይኛውም የራሱ ያስፈልገዋል። እኛ ይህን የተማርነው ልጅቷ እንደገና በቀረበችበት ቀን ጠዋት መብራት ሄዶ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት በፊት መጣ።