በአንድ ሌሊት የሚያብጥ አውራ ጣት

ሰውየው ማታ በደኅና ተኝቷል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን የእግሩ አውራ ጣት እንደ እሳት ፈጀው። ኩራዝ ለኩሶ ቢያየው ጣቱ ከሥሩ አብጧል፤ ቀልቷል፤ ያብረቀርቃል። ጋቢው ሲነካው እንኳ ያስጮኸዋል። እሾህ አልወጋውም፤ ድንጋይም አልመታውም። ታዲያ ምን ነካው?

እንዲህ ያለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ ሪህ ነው። ጉልበቱን ብርድ የሚቆረጥመውም፣ ወገቡን የሚያመውም ሰው «ሪህ አለብኝ» ይላል። እዚህ የምንናገረው ግን በድንገት ስለሚነሣውና አውራ ጣትን ስለሚወደው ሪህ ነው።

በደማችን ውስጥ ዩሪክ አሲድ የሚባል ቆሻሻ አለ። ኩላሊት ይህን ቆሻሻ እያጣራ ከሽንት ጋር ያስወጣዋል። ቆሻሻው ሲበዛ፣ ወይም ኩላሊት ማስወጣቱ ሲያቅተው፣ በደም ውስጥ ይከማቻል። በሙቅ ውሃ ብዙ ጨው ብናሟሟ፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ ጨው ከሥር ይቀራል። ይህም እንደዚያው ነው። የእግር ጣት ከሰውነት ሁሉ ቀዝቃዛ ስለሆነ ቆሻሻው እዚያ ይረጋል። ሲረጋ እንደ መርፌ የሾለ ይሆናል። በዓይን አይታይም። ሰውነት ይህን መርፌ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው ጣቱ ይቀላል፤ ያብጣል፤ ይግላል።

በመርጡለ ማርያም አካባቢ የሚኖር አንድ የ50 ዓመት ገበሬ እናስብ። ሁዳዴን 55 ቀን ጾሟል። ለፋሲካ ከጎረቤቶቹ ጋር ቅርጫ ገብቷል። እሑድ ጉበቱንና ኩላሊቱን በላ፤ ቀኑን ሙሉ ጠላ ጠጣ። ሰኞም ከዘመድ ቤት ጥሬ ሥጋና ካቲካላ ቀረበለት። ውሃ ግን አልቀመሰም። ማክሰኞ ሌሊት ጣቱ ተነሣበት።

ጥፋቱ የማን ነው? ጉበት፣ ኩላሊትና ብዙ ሥጋ ሲፈጩ ዩሪክ አሲድን ያበዛሉ። ጠላ ሁለት ጊዜ ይጎዳል፤ ራሱ ቆሻሻውን ይጨምራል፤ አልኮሉም ኩላሊት እንዳያስወጣው ያግዳል። ካቲካላም እንዲሁ ያግዳል። ውሃ ማጣቱ ደግሞ ደሙን አወፈረው። አንዳንዱ ሰው ሽሮንም ይወነጅላል። ሽሮ ግን በዚህ ነገር ጥፋተኛ ሆኖ አልተገኘም፤ ስለዚህ ገበሬው ሽሮውን አይተው።

በማግሥቱ ጎረቤት መጥቶ «መጋኛ ነው፤ ይበጣ» ይላል። ይህ አደገኛ ምክር ነው። መርፌው ያለው በመገጣጠሚያው ውስጥ ስለሆነ ቆዳ ቢበጣ አይወጣም። በምላጩ ግን መንጋጋ ቆልፍ ሊገባ ይችላል። ወጌሻ ማሸቱም ሕመሙን ያብሰዋል።

ገበሬው ይተኛ፤ እግሩን በተጣጠፈ ጋቢ ላይ ከፍ ያድርግ። በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ20 ደቂቃ ያህል ጣቱ ላይ ያኑር፤ በቀን ደጋግሞ ያድርገው። የልብ ወይም የኩላሊት በሽታ ከሌለበት ውሃ በደንብ ይጠጣ። ጠላውን ይተው። ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለዚህ ሕመም እንደ ኢቡፕሮፌንና ኮልቺሲን ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ ቶሎ ሲጀመሩ ይበልጥ ይረዳሉ። የጨጓራ ቁስል ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሳይደብቅ ይናገር፤ መድኃኒቱ ሊጎዳው ይችላልና። አስፕሪን ግን ከሱቅ ገዝቶ አይዋጥ፤ ዩሪክ አሲድን በሰውነት ያስቀራል።

ያበጠ እግር ሁሉ ሪህ አይደለም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ወይም በጣቱ ላይ ቁስል ካለ፣ መገጣጠሚያው መግል ይዞ ሊሆን ይችላል። ይህ ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። በምሥራቅ ጎጃም ብዙ ሰው የሚያውቀው ዝሆኔም ሌላ ነው። እሱ በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር በሚሄድ ሰው ላይ ቀስ እያለ ይመጣል፤ በአንድ ሌሊት አይጀምርም።

ሪህ ባይታከምም እንኳ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይተዋል። ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ ሄደ እንጂ ቆሻሻው አልሄደም። ተመላልሶ ከመጣ መገጣጠሚያውን ይበላል፤ በኩላሊትም ጠጠር ይሠራል። በዓመት ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ለሚነሣበት ሰው ሐኪም አሎፑሪኖል የሚባል ኪኒን ሊያዝለት ይችላል። ይህ ሕመም ማስታገሻ አይደለም። ቆሻሻው እንዳይበዛ በየቀኑ የሚዋጥ ነው፤ እግሩ ደኅና ሲሆንም አይቋረጥም። ቆዳው ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ኪኒኑን አቁሞ ያንኑ ቀን ወደ ሐኪም ይመለስ።