የዒድ ቲኬት፦ «ነገ ይወርዳል» እስከ መቼ?

ረመዳን ሲገባ ከተራዊህ በኋላ በመስጊዳችን ደጅ ከሚነሱ ጥያቄዎች አንዱ «እነ እገሌ ለዒድ ይመጣሉ?» የሚለው ነው። ውጭ አገር ልጅ የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በናፍቆት ሳይሆን ቲኬቱ በተገዛበት ቀን ነው። እኛም ባለፈው ዓመት በቤታችን የደረሰውን ስላየን፣ ዘንድሮ ያደረግነውን ለአንባቢ ልናካፍል ወደናል።

የታላቅ ወንድማችን ልጅ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ቨርጂኒያ ይኖራል። ባለፈው ዓመት ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ቲኬት ሲፈልግ በነፍስ ወከፍ በአማካይ 1,180 ዶላር አገኘ። ዋጋው ሲለወጥ መልእክት እንዲደርሰው አደረገና ጠበቀ። ከሁለት ሳምንት በኋላ 1,090 ገባ። «አልሐምዱሊላህ፣ በል ግዛው» አልነው። «አጎቴ፣ እየወረደ ነው እኮ፤ ሺህ ሲገባ እገዛለሁ» አለን። ለአምስት ቀን ምንም መልእክት አልመጣም። በስድስተኛው ቀን የመጣው 1,450 ይላል። በመጨረሻ እሱና ትልቁ ልጁ ብቻ መጡ። እናታችን ትንሿን የልጅ ልጅ ልጃቸውን እስከ ዛሬ የሚያውቋት በስልክ ነው።

ሒሳቡን ኋላ ቁጭ ብለን ስናሰላው ስህተቱ ግልጽ ሆነ። ከ1,090 ወደ 1,000 ቢወርድለት በሰው 90 ዶላር፣ ለአራቱ 360 ዶላር ያተርፍ ነበር። ወደ 1,450 ሲወጣ ግን በሰው 360፣ ለአራቱ 1,440 ዶላር ጨመረበት። የሚያጣው ከሚያተርፈው አራት እጥፍ ነው። እንዲህ ያለው ጥበቃ የሚያዋጣው ከአምስት ጊዜ ከአራቱ በላይ ዋጋው የሚወርድ ከሆነ ብቻ ነው። የዒድ ሰሞን ደግሞ ሁሉም በአንድ ሳምንት የሚጓዝበት፣ ቀኑም የማይገፋ ጉዞ ነው። መልእክቱ ሥራውን ሠርቷል፤ ያልነበረው «በዚህ ዋጋ እገዛለሁ» የሚል ውሳኔ ነው።

ስለዚህ ዘንድሮ መልእክቱን ከማዘዛችን በፊት ሁለት ነገር በወረቀት ጻፍን። አንደኛው የምንገዛበት ዋጋ ነው፤ በሰው 1,150 ወይም ከዚያ በታች። ይህን ቁጥር የወሰድነው ከምኞት ሳይሆን የልጁ ኪስ ከሚችለውና ለጥቂት ቀናት ካየናቸው ዋጋዎች ነው። ሁለተኛው የመጨረሻው ቀን ነው፤ ከጉዞው ስምንት ሳምንት በፊት። እዚያ ቀን ላይ ከደረስን 1,150 ባይገኝም በዕለቱ ዋጋ እንገዛለን፤ አቅም ካልፈቀደ ደግሞ ያን ዕለት ለእናታችን ቁርጡን እንነግራለን።

ከዚያ በኋላ መልእክቱን ማዘዝ ቀላል ነው። ልጁ በጉግል አድራሻው ገብቶ ጉግል ፍላይትስን ከፈተ፤ መነሻውን፣ መድረሻውን፣ የመሄጃና የመመለሻውን ቀን ሞላ። ከፍለጋው ውጤት በላይ «Track prices» የሚል ማብሪያ አለ። እሱን ሲያበራው ዋጋው በጉልህ ሲለወጥ በኢሜይል ያሳውቀዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የተጓዡን ቁጥር ባለመሙላት ነው። ፍለጋው ሲከፈት አንድ ሰው ብሎ ይጀምራል። አራት ሆኖ የሚጓዝ ሰው አራት ብሎ መሙላት አለበት።

ምክንያቱ ይህ ነው። አየር መንገድ በአንዱ አውሮፕላን ያለውን የኢኮኖሚ መቀመጫ ሁሉ በአንድ ዋጋ አይሸጥም። በየዋጋው ከፋፍሎ ጥቂቱን በርካሽ፣ ቀጣዩን ከፍ አድርጎ ያወጣዋል። ከርካሹ የቀረው ሁለት መቀመጫ ቢሆንና አራት ሰው ባንድ ላይ ቢጠይቅ፣ ብዙውን ጊዜ አራቱም በላይኛው ዋጋ ይቆጠራሉ። በአንድ ሰው የታዘዘ መልእክት ለቤተሰብ የማይገኝ ዋጋ ያበስራል ማለት ነው።

ይኸው ነገር ግን ለገዢ ምልክት ይሆነዋል። በአንድ ሰው ፈልጎ ዋጋውን ማየት፣ ከዚያም በአራት ሰው ፈልጎ የነፍስ ወከፉን ማስተያየት ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ በዚያ ዋጋ ገና መቀመጫ አለ። የአራቱ በሰው ከበለጠ ርካሹ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ ያን ጊዜ «ይወርዳል» ብሎ መጠበቅ አደጋ ነው።

በገጹ ላይ የዛሬው ዋጋ «low»፣ «typical» ወይም «high» ተብሎም ሊታይ ይችላል፤ ከለመደው ዋጋ አንጻር ዝቅተኛ፣ የተለመደ ወይም ከፍተኛ ነው ለማለት ነው። ለሌላ ጉዞ ይጠቅማል። ለዒድ ግን በጥንቃቄ ይታይ። የሒጅራ ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በአሥር ወይም በአሥራ አንድ ቀን ስለሚያንስ ዒድ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይመጣል። ዘንድሮ ዒድ የሚውልበት ሳምንት ባለፈው ዓመት ዒድ አልነበረም። ያለፈውን ዋጋ አይቶ «ከፍተኛ ነው፣ ይወርዳል» የሚል ሰው ከተራ ሳምንት ጋር እያወዳደረ ሊሆን ይችላል።

ዘንድሮ ዘጠኝ ሳምንት ሲቀረው መልእክት መጣ፤ ለአራቱ 4,540 ዶላር፣ በሰው 1,135። ከጻፍነው በታች ነው። ልጁ በአንድ ሰው ቢፈልግ 1,070 አገኘ። ርካሹ እያለቀ መሆኑ ታወቀ። ሁለቱን ለብቻ፣ ሁለቱን ለብቻ ገዝቶ ጥቂት ማትረፍ ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን በረራ ቢቀየር ቤተሰቡ በሁለት የተለያየ ቲኬት ተለያይቶ እንዲቀር አልፈለግንም። የሻንጣው ኪሎ በዋጋው ውስጥ መኖሩን አየር መንገዱ ገጽ ላይ አረጋግጦ፣ ከዚያው ከአየር መንገዱ በቀጥታ ገዛ።

በቀጥታ መግዛቱ ምክንያት ነበረው። በአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ መሠረት፣ ከጉዞው ሰባት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ቀድሞ ከአየር መንገዱ የተያዘ ቲኬት በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት ይሰረዛል፤ ወይም አየር መንገዱ ዋጋውን ሳያስከፍል ለ24 ሰዓት ይይዛል። የትኛውን እንደሚሰጥ ከመክፈል በፊት ማየት ይገባል። በወኪል በኩል ሲገዛ ደንቡ ወኪሉን አያስገድደውም። በፊቅህ ኺያር የምንለውን፣ ውል ከተያዘ በኋላ የመተው ምርጫን ይመስላል። ልጁም መልእክቱን ለአንድ ቀን ብቻ ሳያጠፋ ቆየ። በዚያ ቀን በጉልህ ቢወርድ ሰርዞ ሊገዛ ይችል ነበር። አልወረደም።

ይህ ሁሉ መጠበቅ ክልክል ነው ማለት አይደለም። ጉዞው ገና ወራት ከቀሩት፣ ቀኑ ወደ ፊትም ወደ ኋላም መገፋት ከቻለ፣ የአንዱና የአራቱ ዋጋም እኩል ከሆነ መጠበቅ ሊያዋጣ ይችላል። እንደ ዒድ ባለ ቁርጥ ቀን ግን የጻፉት ዋጋ ሲመጣ መግዛት ነው።

24ቱ ሰዓት ሲያልቅ ማብሪያውን እንዲያጠፋው ነገርነው። ከዚያ በኋላ ወርዶ እንደሆነ አናውቅም፤ ሰላሳ ዶላር ወርዶ ቢሆን ለማወቁ ከቁጭት በቀር ምን ይረባናል? እናታችን የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ሆነው ነው የሚመጡት?» አሉን። «አራት» አልናቸው።