«ቤቱን ስለምፈልገው» ብቻውን አይበቃም

በሲያትል ዙሪያ ባሉት ከተሞች፣ በሬንተን፣ በኬንትና በሾርላይን፣ ሀበሻ ለሀበሻ ቤት ማከራየቱ የተለመደ ነው። መጀመሪያ የአንድ ዓመት ሊዝ ይፈረማል። ዓመቱ ሲያልቅ ግን አዲስ ወረቀት የሚያወጣ የለም። ኪራዩ በየወሩ በዜል ይገባል፣ የጎደለው ይጠገናል፣ በበዓል እንኳን አደረሳችሁ ይባባላሉ። ነገሩ የሚወሳሰበው አከራዩ ቤቱን የፈለገ ቀን ነው። ብዙ ባለቤቶች «ሊዙ እኮ ካለቀ ቆየ፣ የቤቱ ጌታ እኔ ነኝ» ብለው ያስባሉ። የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ግን እንዲህ አያስብም።

እስከ 2021 ድረስ፣ የራሱ ደንብ ካወጣ ከተማ ውጭ፣ ከወር ወር የሚኖርን ተከራይ ለማስወጣት ወሩ ከማለቁ 20 ቀን በፊት ደብዳቤ መስጠት ይበቃ ነበር። ምክንያት መጻፍ አያስፈልግም። በ2021 የወጣው ሕግ ይህን ለወጠው። ዛሬ አከራይ ውሉን አልቀጥልም ለማለት ሕጉ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች አንዱ ሊኖረው ይገባል፤ የመልቀቂያው ጊዜ ርዝመት የሚወሰነውም በዚያ ምክንያት ነው። ቤቱን ለራሱ ወይም ለቅርብ ቤተሰቡ መኖሪያ የሚፈልግ 90 ቀን ይሰጣል። ለብቻው የቆመ የአንድ ቤተሰብ ቤት ለመሸጥም 90 ቀን ነው። አፍርሶ ለመሥራት ወይም ሰው እየኖረበት ሊካሄድ ለማይችል ትልቅ እድሳት ከሆነ 120 ቀን ይሆናል።

ያለ ምክንያት የሚቻልበት ጠባብ በር አለ። ጊዜው የተወሰነ ሊዝ ካለና ኑሮው በመሀል ከወር ወር ወደሚሄድ ኪራይ ካልዞረ፣ አከራዩ ሊዙ ከማለቁ ቢያንስ 60 ቀን በፊት በጽሑፍ አሳውቆ በማለቂያው ቀን ሊያቆም ይችላል። ሲያትል ከተማ ውስጥ ይህ በርም ዝግ ነው፤ ከተማዋ የራሷ የጠበቀ ደንብ ስላላት የሊዝ ማለቅ ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ከባለቤቱ ጋር ወጥ ቤት ወይም መታጠቢያ የሚጋራ ባለ አንድ ክፍል ተከራይ ደግሞ በግዛቱ ሕግ ዛሬም የሚያገኘው 20 ቀን ነው። አዲስ መጥተው ክፍል ተጋርተው የሚኖሩ ልጆች ይህን አስቀድመው ቢያውቁት ይሻላል።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ኬንት ውስጥ ባለ ሦስት መኝታ ቤት ያላቸው እናት አሉ እንበል። ተከራዮቹ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ሦስት ዓመት ኖረዋል፤ ሊዙ ያለቀው ከሁለት ዓመት በፊት ነው፤ ኪራዩ በወር 2,800 ዶላር ነው። የሴትዮዋ ልጅ በመስከረም ግድም ሊያገባ ነው፤ ቤቱም ለእሱ ታስቧል። እናትየው ለተከራዩ በስልክ የላኩት መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ እንደምን ከረምክ። ልጄ ሊያገባ ስለሆነ ቤቱን እፈልገዋለሁ። በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ብትለቅልኝ።»

አነጋገሩ የጨዋ ነው። በሕግ ዓይን ግን ሦስት ቦታ ላይ ይወድቃል። ጊዜው አጭር ነው። የስልክ መልእክት ብቻውን ሕጉ ባስቀመጠው መንገድ እንደደረሰ ማስታወቂያ አይቆጠርም። ምክንያቱም ተንጠልጥሏል፦ የሚገባው ማን ነው? ባለቤቷ ወይስ ልጇ? በቋሚነት ሊኖርበት ነው ወይስ ለሠርጉ ሰሞን እንግዳ ማሳረፊያ? ሕጉ አከራዩ በጊዜው የሚያውቀውን ፍሬ ነገር ተከራዩ መልስ ሊሰጥበትና ሊከራከርበት በሚችል መጠን እንዲዘረዝር ይጠይቃል። «ለግል ጉዳይ» የሚል ደብዳቤ ይህን አያሟላም።

ሴትዮዋ ምክር ጠይቀው ደብዳቤውን እንደገና ጻፉ እንበል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ሐሳቡ ግን በአማርኛ ይህን ይመስላል፦

«ለአቶ … እና ለወ/ሮ …፤ በዚህ አድራሻ የሚገኘውን ቤት ከወር ወር በሚቀጥል ኪራይ ይዛችሁ ትኖራላችሁ። የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ። ልጄ … ከባለቤቱ ጋር ቤቱን ዋና መኖሪያው አድርጎ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ሊገባበት ስለሆነ ኪራዩን ከኦገስት 31 ቀን 2025 በኋላ አልቀጥልም። ቤቱን እስከዚያ ቀን ድረስ ለቃችሁ ቁልፉን እንድታስረክቡኝ አሳውቃለሁ። እስከዚያው ኪራዩም ሆነ ሌላው ግዴታ እንደ ወትሮው ይቀጥላል። ደብዳቤው የተሰጠው ሜይ 28 ቀን 2025 ነው።»

ቁጣ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። ማን እንደሚገባ፣ ለምን እንደሚገባ፣ ተከራዩ መቼ እንደሚወጣ ተነግሯል። ወቀሳ ቢጨመርበት፣ ለምሳሌ ልጆቹ ግድግዳውን አቆሽሸዋል ቢባል፣ ደብዳቤውን ያዳክመዋል። ተከራዩ «እውነተኛው ምክንያት ልጁ ሳይሆን ቂሙ ነው» ብሎ የሚከራከርበትን መንገድ አከራዩ ራሱ ያበጅለታልና።

ቀኑን እንቁጠር። ከሜይ 28 ጀምሮ 90ኛው ቀን ኦገስት 26 ላይ ይውላል። ኦገስት 31 የተመረጠው ኪራዩ ከወሩ ጋር እንዲዘጋና አራት አምስት ቀን መጠባበቂያ እንዲኖር ነው። ይህ ትርፍ ቀን ቅንጦት አይደለም። ደብዳቤው በእጅ ቢሰጥ መልካም፤ ተከራዮቹ ካልተገኙ ቤቱ ውስጥ ለሚኖር ዕድሜውና ማስተዋሉ ለሚበቃ ሰው ሰጥቶ ቅጂውን በፖስታ መላክ ያስፈልጋል። ማንም ከሌለ በሩ ላይ ተለጥፎ ቅጂው በፖስታ ይላካል፤ በፖስታ ሲሆን ተጨማሪ ቀን መያዝ ነው። በትክክል 90 ቀን ቆጥሮ የጻፈ አከራይ አንድ ቀን ተሳስቶ ፍርድ ቤት ቢደርስ ሁሉንም ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደሰጠ የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ መያዝም ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የእኛን ሰው በተለይ የሚያሰናክል ነገር አለ። ሕጉ «የቅርብ ቤተሰብ» የሚላቸው ባልና ሚስት፣ ወላጆች፣ አያቶች፣ ልጆች፣ ወንድምና እህት፣ እንዲሁም በጋብቻ የሚዛመዱ አማቾች ናቸው። በእኛ ቤት የአክስት ልጅ ወንድም ነው፤ የእህት ልጅም ልጅ ነው፤ በጉዲፈቻ ወረቀት ሳይሆን በፍቅር ያደገ ልጅም አለ። ሕጉ ዝርዝር ውስጥ ግን የአክስት ልጅም የእህት ልጅም የሉም። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ የእህት ልጅ ብሎ ተከራይ ማስወጣት በዚህ ምክንያት አይቻልም። «ልጄ ነው» ብሎ መጻፍም ውሸት ይሆናል። እዚያው ሕንፃ ውስጥ ተመሳሳይ ባዶ ቤት እያለም ይህን ምክንያት መጠቀም አይፈቀድም፤ ዱፕሌክስ ያላቸው ያስታውሱት።

ደብዳቤው የተጻፈለት ምክንያት ተከራዩ ከወጣ በኋላም ይፈተናል፤ ብዙ አከራይ የሚዘነጋው ይህንን ነው። ተከራዩ ከወጣ ቀጥሎ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ ባለቤቱ ወይም የቅርብ ቤተሰቡ ቢያንስ 60 ተከታታይ ቀን ካልኖረበት፣ አከራዩ በቅን ልቦና እንዳልሠራ ይገመታል። ግምቱን ማስተባበል ይችላል፤ ሸክሙ ግን የሚወድቀው በእሱ ላይ ነው። በምሳሌያችን 90ው ቀን ኖቬምበር 29 ያበቃል። ወደ ኋላ 60 ቀን ሲቆጠር ልጁ ቢዘገይ እስከ ኦክቶበር 1 ገብቶ መኖር አለበት። «ቀለም ቀብተን፣ ወለሉን ቀይረን፣ ለገና ይገባሉ» ማለት አደገኛ ነው። ሠርጉ ቢፈርስ እንኳን የሆነውን የሚያሳይ ማስረጃ መያዝ ያስፈልጋል። ለሽያጭ ብሎ ያስወጣ ደግሞ ተከራዩ በወጣ በ30 ቀን ውስጥ ቤቱን በተመጣጣኝ ዋጋ ገበያ ላይ ማውጣት ይጠበቅበታል። ቤቱን በ500 ዶላር ጭማሪ ለሌላ ሰው ያከራየ፣ ሰውም ያየው፣ ክስ ቢመጣበት ሊደነቅ አይገባም። ካሳው ተከራዩ ከደረሰበት ጉዳትና ከሦስት ወር ኪራይ ከበለጠው ነው፤ በእኛ ምሳሌ ከ8,400 ዶላር አያንስም። የጠበቃ ወጪውም ይጨመርበታል።

ተከራዩስ? ደብዳቤ ሲደርሰው የመጀመሪያው ሥራው የደረሰበትን ቀን ወረቀቱ ላይ መጻፍና ፖስታውን አለመጣል ነው። ኪራይ መክፈል ማቆም የለበትም። «ልወጣ አይደል፣ ለዲፖዚቱ ይያዝልኝ» የሚሉ አሉ፤ ያኔ አከራዩ የ90 ቀኑን ትቶ ባልተከፈለ ኪራይ የ14 ቀን ማስጠንቀቂያ የሚሰጥበት ዕድል ያገኛል። ቤት ቀድሞ ካገኘና መውጣት ከፈለገ፣ ወሩ ከማለቁ 20 ቀን በፊት በጽሑፍ ያሳውቃል። የልጆቹ ትምህርት እስኪረጋጋ ሁለት ሳምንት ቢፈልግ ይጠይቅ። ሽማግሌ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ተስማሙም አልተስማሙም፣ የተባለው ወረቀት ላይ ይውረድና ሁለቱም ይፈርሙበት። አከራዩ ያለ ምንም ጽሑፍ የሴፕቴምበርን ኪራይ ከተቀበለ ደብዳቤውን እንደተወው ሊቆጠርበት ይችላል።

ኦገስት 31 አልፎ ተከራዩ ባይወጣ አከራዩ መሄድ የሚችለው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ቁልፍ መቀየር፣ መብራትና ውሃ ማስቆረጥ፣ ዕቃ ደጅ ማውጣት ሕገወጥ ነው። ሰው ከቤት የሚያስወጣው የፍርድ ቤት ትእዛዝ የያዘ ሸሪፍ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ተከራይ ግዛቱ በነጻ ጠበቃ ያቆምለታል። መጥሪያ የደረሰው ሰው «በእንግሊዝኛ ስለሆነ አልገባኝም» ብሎ መሳቢያ ውስጥ መክተቱ ያንን መብት ሊያሳጣው ይችላል።

በሰላም ከተለያዩም አንድ ሒሳብ ይቀራል። አከራዩ ዲፖዚቱን፣ ወይም የቀነሰውን ከነደረሰኙ የሚያሳይ ዝርዝር፣ ተከራዩ ከወጣ በ30 ቀን ውስጥ መላክ አለበት። ኦገስት 31 ለተረከቡት እናት የመጨረሻው ቀን ሴፕቴምበር 30 ነው። ሦስት ዓመት ሰው ኖሮበት የደበዘዘ ቀለም ከዲፖዚት አይቆረጥም።