ድምፃቸው አንድ የሆኑ ፊደሎችና የመለያ ቃል አጻጻፍ

ባማርኛ የፊደል ገበታ ውስጥ መልካቸው ልዩ ልዩ፥ ድምፃቸው ግን አንድ የሆኑ ፊደሎች መኖራቸውን ማንም ተማሪ ያውቃል። ሃሌታው ሀ፥ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ እንደ አንድ ይነበባሉ፤ ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ፥ አልፋው አና ዐይኑ ዐ፥ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀም እንደዚሁ ናቸው። በጥንቱ ግእዝ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድምፅ ነበራቸው፤ አማርኛ ግን ድምፁን ትቶ መልኩን ብቻ ወረሰ። ከነዚህ ፊደሎች የትኞቹ ይቀነሱ፥ የትኞቹ ይጠበቁ የሚለው ክርክር የቆየ ነውና እኛ በዚህ ጽሑፍ አንገባበትም። የኛ ጥያቄ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ይኸውም አንድ ተማሪ ፊልም ወይም ፎቶግራፍ ኢንተርኔት ላይ ሲያወጣ፥ ርእሱን፥ መግለጫውንና ታግ የሚሉትን መለያ ቃል እንዴት አድርጎ ቢጽፍ ነው ፈላጊው በፈለገው ፊደል ጽፎ ሊያገኘው የሚችል? የሚል ነው።

ለሰው ጆሮ «ሥዕል» እና «ስእል» አንድ ቃል ናቸው። ኮምፒዩተር ግን ጆሮ የለውም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ዩኒኮድ የተባለው የፊደላት ቁጥር ሥርዓት የኛን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ሲቀበል ለያንዳንዱ መልክ የራሱን ቁጥር ሰጠው። ሥ U+1225 ነው፤ ስ U+1235 ነው፤ ዕ U+12D5፥ እ ደግሞ U+12A5 ነው። ስለዚህ በመኪናው ዘንድ በሥና በስ መካከል ያለው ልዩነት በበና በተ መካከል ካለው ልዩነት አያንስም። የላቲን ፊደል ትልቁና ትንሹ አንድ ሆኖ እንዲፈለግ የሚያደርግ ደንብ በሥርዓቱ ውስጥ ተጽፏል፤ ለኛ ድምፀ አንድ ፊደሎች ግን እንዲህ ያለ ደንብ የለም። አንዳንድ የፍለጋ መሣሪያ ሠሪዎች በገዛ ፈቃዳቸው ፊደሎቹን ሊያስተባብሩ ይችላሉ፤ ዳሩ ግን ሳይፈትኑ በዚህ ላይ መተማመን አይገባም። የመፈተኛውን መንገድ ወደ በኋላ እናመጣዋለን።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ጎንደር ከተማ ውስጥ በቀዳማዊ ዓፄ ኢያሱ ዘመን የተተከለው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፥ በጣሪያው ላይ በተደረደሩት የመላእክት ፊቶች የታወቀ ነው። አንድ የታሪክ ተማሪ ይህን የሚያስረዳ ፊልም አዘጋጅቶ ዩቲዩብ ላይ «የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥዕሎች» በሚል ርእስ አወጣው እንበል። ርእሱ በስንት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል? ጎንደር በጎም በጐም ይጻፋልና ሁለት ነው። ብርሃን የሚለው ቃል ሦስተኛው ፊደል ሀ፥ ሃ፥ ሐ፥ ሓ፥ ኀ፥ ኃ ሊሆን ስለሚችል ስድስት ነው፤ ባማርኛ የሀ ግእዙና ራብዑ በድምፅ አይለያዩምና። ሥላሴ በፊተኛው ፊደል ሁለት፥ በኋለኛው ሁለት፥ በድምሩ አራት መልክ አለው። ሥዕልም እንዲሁ አራት ነው። እንግዲህ 2 በ6፥ በ4፥ በ4 ሲባዛ 192 ይሆናል። 192ቱም ሲነበቡ ድምፃቸው ያው አንድ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል፤ ወይም ያገኘውን ሁሉ ይደረድራል። ሁለቱም አያስፈልግም። ብዛቱን ያመጣው ሐረጉን እንደ አንድ ነገር መቁጠራችን ነው። ፍለጋው ቃልን ከቃል ጋር የሚያነጻጽር ሲሆን ለያንዳንዱ ቃል መልኮቹን ለየብቻ መስጠት ይበቃል፤ ያን ጊዜ ማባዛቱ ቀርቶ መደመር ይሆናል። 2 ሲደመር 6፥ ሲደመር 4፥ ሲደመር 4፥ 16 ብቻ ነው።

ከ16ቱም ቢሆን ሁሉም በሕይወት ያሉ አይደሉም። የትኛው እንደሚጻፍ ለማወቅ ሰው በምን እንደሚጽፍ ማሰብ ይረዳል። ዛሬ አብዛኛው ሰው በድምፅ በሚሠራ መክተቢያ፥ በስልክም ጭምር ይጽፋል፤ በነዚህም ላይ በአንድ ጭነት የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ሀ፥ ሰና አ ናቸው፤ ሠን፥ ኀንና ዐን ለማምጣት ተጨማሪ ጭነት ያስፈልጋል። ስለዚህ የቸኮለ ፈላጊ «ስላሴ»፥ «ብርሀን»፥ «ስእል» ብሎ ይጽፋል። የቤተ ክህነት ትምህርት ያለው ወይም መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው «ሥላሴ»፥ «ብርሃን»፥ «ሥዕል» ይላል። በነዚህ በሁለቱ መካከል ደግሞ ከፊሉን ጠብቆ ከፊሉን የሚተው አለ፤ «ስዕል» የዚህ ዓይነቱ ነው፤ ሥ ሲቀልል ዕ ሳይነካ ቀርቷል። «ብርኀን» ወይም «ብርሓን» ብሎ የሚፈልግ ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ብንተወው የምናጣው ነገር የለም።

ከዚህ ሌላ አንድ የማይጠበቅ ወገን አለ። ሠን የክብር ፊደል አድርገው የሚያዩ ሰዎች በማይገባው ቦታም ያስገቡታል። «ሰላም» በእሳቱ ሰ የሚጻፍ ሆኖ ሳለ «ሠላም» የሚል ጽሑፍ በየመንገዱ ይታያል። «ሥላሤ»ም እንዲሁ ነው፤ በግእዙ ፊተኛው ንጉሡ፥ ኋለኛው እሳቱ ነው። ሊቃውንት ስሕተት ቢሉት ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን መለያ ቃል ማስተማሪያ አይደለም፤ ፈላጊው የሚጽፈውን የሚቀበል መረብ ነው። ስሕተቱ የተለመደ ከሆነ ከመለያ ቃሎቹ መካከል ይግባ፤ በርእሱ ላይ ግን አይታይ።

ርእሱን በሚመለከት የኛ አሳብ ይህ ነው። ርእስ አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎች ሲጠቅሱት እንዳለ ይወስዱታል፤ ስለዚህ በመዝገበ ቃላቱ አጻጻፍ መጻፍ አለበት። ለልዩ ልዩ መልኮች ተገቢው ቦታ መለያ ቃሉ ነው። ዩቲዩብ ራሱ በመመሪያው መለያ ቃል ለፍለጋ ያለው ድርሻ አነስተኛ መሆኑን፥ ይዘቱ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ፊደል የሚጻፍ ሲሆን ግን እንደሚጠቅም ይገልጻል። የኛም ነገር ከዚህ የሚመደብ ነው። ለመለያ ቃል የተፈቀደው ጠቅላላ ልክ 500 ፊደል ነው፤ ለምሳሌያችንም ይህን ያህል ይበቃል፤

```
ደብረ ብርሃን ሥላሴ, ደብረ ብርሀን ስላሴ,
ደብረ ብርሃን ስላሴ, ጎንደር, ጐንደር,
የቤተ ክርስቲያን ሥዕል, የቤተክርስቲያን ስዕል, ስእል
```

ይህ ሁሉ ተቈጥሮ 100 ፊደል አይሞላም። አንባቢ ሁለት ነገር ያስተውል። «ቤተ ክርስቲያን» አንድ ጊዜ ተለያይቶ፥ አንድ ጊዜ ተጣብቆ ተጽፏል፤ የቃል ክፍተትም እንደ ፊደል ሁሉ ፈላጊን ያሳስታልና። ደግሞም «ደብረ ብርሃን» የሚለውን ብቻውን አልጻፍነውም፤ እንዲህ ቢሆን የሸዋውን ደብረ ብርሃን ከተማ የሚፈልገውን ሰው ወደ ጎንደር እንወስደዋለን፤ እሱም ተቈጥቶ ይመለሳል። በተቻለ መጠን በ፥ ለ፥ ከ የመሳሰሉት ሳይጨመሩበት ራቁቱን ስም ማስቀመጥም ይሻላል፤ «በጎንደር» እና «ጎንደር» ለመኪናው ሁለት ቃል ናቸው።

መግለጫው ከዚህ የተለየ ነው። 5000 ፊደል ድረስ የሚይዝ ስለ ሆነ መለያ ቃሎቹን እንዳሉ እዚያ ማፍሰስ የሚያምር ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በመግለጫ ውስጥ መለያ ቃል ማብዛት በድርጅቱ መመሪያ የተከለከለ ነው፤ ፊልሙም ሊነሣ ይችላል። ከዚህም በላይ አንባቢን ያስቀይማል። የሚሻለው መንገድ ፊተኛውን ዐረፍተ ነገር በመዝገበ ቃላቱ አጻጻፍ መጻፍ፥ ከዚያም በአንድ መሥመር «የቤተ ክርስቲያኑ ስም ደብረ ብርሀን ስላሴ፥ የከተማውም ጐንደር ተብሎ ይጻፋል» ብሎ ማስታወቅ ነው። ይህ መሥመር ለሰውም እውነተኛ ማስታወቂያ ነው፤ ለመኪናውም ሦስት መልክ ይሰጠዋል።

አሁን ወደ ፈተናው እንመለስ። ፊልሙ ከወጣ ከጥቂት ቀን በኋላ፥ መለያ ቃል ውስጥም መግለጫ ውስጥም ያልገባ አንድ መልክ መርጦ፥ ለምሳሌ «ደብረ ብርሐን ሥላሤ ሥእሎች» ብሎ መፈለግ ነው። ፍለጋውም የራስን ታሪክ በማያስታውስ መስኮት ወይም በሌላ ሰው ስልክ ይሁን፤ አለዚያ መሣሪያው ባለቤቱን አውቆ የራሱን ፊልም ያሳየዋል። ፊልሙ በዚህ እንግዳ መልክ ከተገኘ መሣሪያው ፊደሎቹን ያስተባብራል ብሎ መገመት ይቻላል፤ ካልተገኘ ግን ልዩ ልዩ መልኮቹን መጻፍ ግዴታ ነው። መፈለጊያው ሣጥን ገና ስንጽፍ የሚያቀርባቸውም ቃሎች ሰው የትኛውን መልክ እንደሚጠቀም ይጠቁማሉ። ዓይን በትንሽ ፊደል ሐን ከሓ፥ ሀን ከሃ ለመለየት ስለሚቸገር፥ የተጠራጠረ ሰው ቃሉን ገልብጦ ቁጥሩን በሚያሳይ መሣሪያ ይመልከተው።

የራሱን ካታሎግ የሚሠራ ክፍል ወይም ቤተ መጻሕፍት ከዚህ ሁሉ ሊድን ይችላል። ለያንዳንዱ መዝገብ ለዓይን የማይታይ ሁለተኛ ዓምድ ያበጃል፤ በዚያም ሐና ኀ ሁሉ ወደ ሀ፥ ሠ ወደ ሰ፥ ዐ ወደ አ፥ ፀ ወደ ጸ፥ ሃና ኣ ወደ ሀና አ፥ ጐም ወደ ጎ ይለወጣል። የፈላጊውም ጥያቄ በዚያው ደንብ ከተለወጠ በኋላ ይነጻጸራል። ዋናው ዓምድ ግን ፈጽሞ መነካት የለበትም። በግእዝ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፥ «ሰአለ» ለመነ ማለት ነው፤ «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ፥ «ሰረቀ» ግን ሌብነት ነው። በተለወጠው ዓምድ እነዚህ አንድ ይሆናሉ፤ ለፍለጋ ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ዋናው ጽሑፍ ላይ ቢደረግ ግን ትርጉሙ ተመልሶ አይገኝም።

ይህ ደንብ የተሠራው ለአማርኛ ነው። በትግርኛ ሐመሩ ሐና ዐይኑ ዐ እስከ ዛሬ በጉሮሮ የሚነገር የራሳቸው ድምፅ አላቸው፤ ተናጋሪውም ከሀና ከአ ለይቶ ይጽፋቸዋል። ስለዚህ ሁለቱን ቋንቋ አንድ ላይ የያዘ ካታሎግ የመዝገቡን ቋንቋ አስቀድሞ መለየት ይኖርበታል፤ ለትግርኛው መዝገብ ሠንና ሰን፥ ፀንና ጸን ብቻ ያስተባብራል።